ከግማሽ በላይ ያልበቃበት ስብሰባ

«ጸድቋል!» አለና ሥራ አስኪያጃችን ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ተርጉሚላቸው» አለኝ።

አልተረጎምኩም። ፈርቼ አልነበረም። ተናድጄ ነው።

ከጅማ ወጣ ብላ ባለችው የቡ አጠገብ እሸት ቡና የሚያጥብ አነስተኛ ኩባንያ አለን። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው። አባላቱ ግማሾቹ ቡና የሚያመርቱ የየቡ ገበሬዎች ናቸው፣ ጥቂቶቻችን ደግሞ ጅማ የምንነግድ ነን። እኔ ሂርማታ ገበያ አጠገብ ሱቅ አለኝ፤ በኩባንያው ያለኝ ድርሻ ከመቶ ሦስት እጅ ብቻ ነው። ሥራ አስኪያጃችንና ሁለቱ የሚስቱ ወንድሞች ግን ስልሳውን ይዘዋል። ይህ ማንንም ከፍቶት አያውቅም። ያኔ ገንዘብ የነበራቸው እነሱ ናቸው፣ ማሽኑንም ያመጡት እነሱ ናቸው።

እኔ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እኩል ስለምናገር ስብሰባ በተጠራ ቁጥር አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። ሥራ አስኪያጁ በአማርኛ ይናገራል፣ እኔ ለገበሬዎቹ ሽማግሌዎች በኦሮምኛ እላለሁ፤ እነሱ ሲመልሱ ደግሞ ወደ አማርኛ አዞረዋለሁ። ኩባንያው ሲቋቋም መመሥረቻ ጽሑፉን አንቀጽ በአንቀጽ አንብቤ ያስረዳኋቸው እኔ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ፈጅቶብን ነበር። ከገበሬዎቹ በዕድሜ የሚበልጡት፣ ሁላችንም ሐጂ እያልን የምንጠራቸው አዛውንት፣ ያልገባቸውን ነገር ሳያስደግሙ አያልፉም ነበርና እኔም በዚያው ጽሑፉን ሳልወድ በቃሌ ያዝኩት።

የተጠራነው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ቡና ያልደረሰበት፣ ገበሬ ኪሱ የሚራቆትበት ወቅት። ጅማ አንድ ሆቴል አዳራሽ ተከራይተውልናል። የየቡዎቹ ጫማቸው ጭቃ እንደያዘ ገቡና ኋላ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሥራ አስኪያጁ ከፊት፣ ሁለቱ አማቾቹ ግራና ቀኝ።

የመጀመሪያው ነገር ያለ ክርክር አለፈ። የዓመቱ ሒሳብ ቀረበ፣ እጅ ወጣ፣ ጸደቀ። የትርፍ ክፍፍሉም፣ የኦዲተሩም ምርጫ እንዲሁ። ለእነዚህ ከካፒታሉ ከግማሽ በላይ የያዙ አባላት ከተስማሙ ይበቃል፤ የዘወትር ሥራ ነው፣ የሚያከራክርም አልነበረም።

ከዚያ «ሌሎች ጉዳዮች» የምትባለዋ መጣች። በጥሪው ላይ ከዚያች ቃል በቀር ምንም አልተጻፈም። ሥራ አስኪያጁ ተነሥቶ ካፒታሉ በእጥፍ ይደግ አለ። አዲሱን ድርሻ አባላት በአንድ ወር ይግዙ፤ ያልገዛ ሰው የቀድሞ ድርሻው ለሚገዛው ይለፍ። አማቾቹ እጃቸውን አወጡ፣ እሱም አወጣ። «ስልሳ እጅ ደግፏል። አብላጫ ድምፅ ነው። ጸድቋል!»

ምን ማለት እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። በክረምት ድርሻ የሚገዛ ገበሬ የለም። የሚገዙት እነሱ ብቻ ናቸው። ካፒታሉ ሲያድግ የእኛ አርባ እጅ ወደ ሃያ ይወርዳል፤ ያች ሃያም ስላልገዛን ለእነሱ ታልፋለች፤ ከዚያ በኋላ ኩባንያውን ቢለውጡት፣ ቢያፈርሱት የሚያቆማቸው ሰው አይኖርም። ይህንን ሁሉ ነው «ሌሎች ጉዳዮች» ብሎ የጠራው!

«ተርጉሚ እንጂ» አለኝ ደግሞ።

«አልተረጉምም» አልኩ። «ጸድቋል ብዬ ብናገር መዋሸቴ ነው።»

ሐጂ ከኋላ «ማል ጄዴ?» ብለው ጠየቁ፤ ምን አለ ማለታቸው ነው።

ሥራ አስኪያጁ ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ ነው እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ። «እኅቴ፣ ስልሳ ከአርባ አይበልጥም? ሒሳቡን ያጸደቅነው በዚሁ ድምፅ አይደል?»

«ሒሳቡ ሌላ ነው፣ ይሄ ሌላ ነው» አልኩት። «ሒሳብ ለማጽደቅ፣ ትርፍ ለመከፋፈል፣ ሥራ አስኪያጅ ለመሾምና ለመሻር ከግማሽ በላይ ይበቃል። ካፒታል ማሳደግ ግን መመሥረቻ ጽሑፉን መለወጥ ነው። ለዚያ ከጠቅላላው ካፒታል ሦስት አራተኛ ያስፈልጋል። ሰባ አምስት እጅ። እዚህ አዳራሽ ከተቀመጠው አይደለም፣ ከጠቅላላው። የቀረውም ሰው ይቆጠራል። እርስዎ ያለዎት ስልሳ ነው።»

«አንቺ ዛሬ አስተርጓሚ ነሽ» አለ አንደኛው አማች። «አስተያየት ስጪ አልተባልሽም።»

«አባልም ነኝ!» አልኩ። ከዚያ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ለሽማግሌዎቹ በኦሮምኛ ሁሉንም ነገር አስረዳሁ። እሱ ያለውንም፣ እኔ ያልኩትንም።

ሐጂ ተነሡ። ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት፣ ቁጡ ሰው አይደሉም። «ኢንታላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «እንዲህ በይልኝ። እኛ ወገባችን እስኪጎብጥ ቡና ለቅመን ያመጣነው ድርሻ ነው። ወላሂ፣ እጃችንን ሳናወጣ እጃችን ወጣ ብሎ የሚጽፍ ሰው አላህን ይፍራ።»

ቃል በቃል ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት። እሱ ግን አልፈራም። ቃለ ጉባዔው ላይ «በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል» ብሎ አስጻፈና ስብሰባውን ዘጋ። ከገበሬዎቹ አንድም ሰው አልፈረመም።

በማግስቱ ሐጂን ይዤ ንግድ ምዝገባ ቢሮ ሄድኩ። ቢሮው ተጨናንቆ ነበር፤ ብዙ ቆምን። ሐጂን ወንበር ለምኜ አስቀመጥኳቸው። ተራችን ሲደርስ አንዲት ወጣት የሕግ ባለሙያ ሰማችን። በመጀመሪያ ዓይኗ ሰዓቷ ላይ ነበር፤ «ካፒታል» የሚለውን ስትሰማ ግን ቀና አለች።

«ቃለ ጉባዔውን አምጥቶታል?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ጠዋት አምጥተዋል። ስንት እጅ እንደደገፈው ግን አልተጻፈም፤ አብላጫ ብቻ ይላል። ስንት ነው?»

«ስልሳ።»

«በስልሳ የመመሥረቻ ጽሑፍ ማሻሻያ አልመዘግብም» አለች። «የገዛ ጽሑፋችሁም ሦስት አራተኛ ነው የሚለው። ሌላም ነገር አለ። አባል ሳይፈቅድ መዋጮ ጨምር ተብሎ አይገደድም፤ ለዚያ ሰባ አምስትም አይበቃም። የግድ የሁሉም ስምምነት ነው የሚያስፈልገው። ያልገዛ ድርሻውን ያጣል የሚሉት ነገር ከዚያ የሚለይ አይደለም።»

ሐጂ «አልሐምዱሊላህ» አሉና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። እኔ ግን ደስ አላለኝም። ጽሑፉን በቃሌ የማላውቅ ብሆን ኖሮ? እሷ ስንት ብላ ሳትጠይቅ ብታልፍ ኖሮ? ስንት ቦታ ስንት ሽማግሌ በአንድ «ጸድቋል» ተሸኝቶ ይሆን?

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱ ሲመለስለት አልተኛም። ሁለተኛ ስብሰባ ጠራ፤ በዚህኛው ጥሪ ላይ ካፒታል ማሳደግ የሚለውን በግልጽ ጻፈው። ያልገዛ ያጣል የምትለዋን አውጥቶ ጥሏታል። እስከዚያው በየቤቱ ዞረ። የቡ ድረስ መኪናውን ጭቃ አልብሶ ሄደ። አንዱን ገበሬ፣ ልጅህን ጅማ መጋዘን እቀጥረዋለሁ ብሎ አሳመነው። ገበሬው ስምንት እጅ አለው፤ ከሐጂ ጋር አጥር የሚካፈል፣ ሲታመሙ የሚጠይቃቸው ሰው። እንደ እኔ ጅማ የሚነግድ አንድ አባልም አራት እጁን ይዞ ወደሱ አዘነበለ።

ይህን ስሰማ ገበሬው ቤት ሄድኩ። ሊያየኝ አልወደደም። በሩ ላይ ቆሞ «ልጄ ሥራ ከፈታ ስንት ጊዜው ነው፣ ታውቂያለሽ» አለኝ። ልቆጣው ነበር የሄድኩት። የምቆጣውን ሰው እዚያ በር ላይ አላገኘሁትም፤ የምቆጣው ሰው ጅማ ነው ያለው። ቢሆንም ሰላም ሳልለው ተመለስኩ፣ ያንን አልክደውም።

በሁለተኛው ስብሰባ ድምፁ በድርሻ ተቆጠረ፤ ጮክ ተብሎ፣ ስም በስም። ስልሳው። ስምንቱ። አራቱ። ሰባ ሁለት ላይ ቆመ። ሥራ አስኪያጁ የተቀሩትን ሽማግሌዎች አንድ በአንድ አያቸው። ማንም እጁን ከጭኑ አላነሣም። ሦስት እጅ ጎደለው። ልክ የእኔ ድርሻ። ለመጨረሻ ጊዜ እኔንም አየኝ፤ እኔም አየሁት።

«አልጸደቀም» ብዬ ራሴ በኦሮምኛ ተናገርኩ። ሽማግሌዎቹ እልል አላሉም፣ አላጨበጨቡም። ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

ያን ጊዜ አንደኛው አማች ተነሥቶ ቀጣዩን አጀንዳ አቀረበ፤ ሥራ አስኪያጁ ለሌላ ዘመን ይሾም አለ። ስልሳ እጅ ወጣ። ሐጂ ጎንበስ ብለው «ይሄስ? ይሄም አልጸደቀም አይደል?» አሉኝ።

እውነቱን ነገርኳቸው። «ይሄ ጸድቋል፣ ሐጂ። ለሥራ አስኪያጅ ከግማሽ በላይ ይበቃል።»

«ባለፈው ያታለለን ሰው?»

«አዎ።»

«እንግዲያ ሕጉ ለማን ነው?»

ስልሳው ስልሳ ነው፤ ሥራ አስኪያጅ የመምረጥ መብታቸው እውነተኛ መብት ነው። እኛ ያዳንነው ነገር ሌላ ነው፤ ድርሻችንን፣ ደግሞ ያለእኛ ኩባንያውን መለወጥ እንዳይችሉ የሚያግደውን በር። ይህንን ሁሉ በኦሮምኛ አስረዳኋቸው። ሰሙኝ፣ ግን አልተጽናኑም። እኔም አልተጽናናሁም። ያታለለን ሰው ሥልጣኑን እንደያዘ፣ ሕጋዊ ሆኖ፣ እጄን ሊጨብጥ መጣ። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

ቡናው ከተለቀመ በኋላ ለቀጣዩ ስብሰባ ስንጠራ አስተርጓሚው ሌላ ሰው ነበር፤ ከኮሌጅ የመጣ ሸሚዙ የተተኮሰ ወጣት። እኔ እንደማንኛውም አባል ከሐጂ ጎን ተቀመጥኩ። አንድ አጀንዳ በተነበበ ቁጥር ሐጂ እጃቸውን ያወጣሉ፤ ወጣቱ «ይጠይቁ አባቴ» ሲላቸው «ይሄኛው ስንት ድምፅ ነው የሚፈልገው?» ይላሉ። ሥራ አስኪያጁ ጥርሱን ነክሶ ይመልሳል፤ «ከግማሽ በላይ ነው፣ ሐጂ።» ሐጂም እኔን ያያሉ፤ ልክ ነው ብዬ ራሴን እነቀንቃለሁ፤ ከዚያ ነው የሚቀመጡት።