እህቴ ከእኔ ጋር ትኖራለች

ታላቅ እህቴ እትዬ ባሏን ከቀበረች በኋላ «ለጥቂት ቀን» ብላ እኔ ቤት ገባች። ክረምቱ አለፈ፣ በጋውም ተጋመሰ፤ ቤቷ እንደተቆለፈ ነው። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ አስተምራ ትመለሳለች። አታለቅስም፣ አትስቅም። ሰው ሲጠይቃት «ደህና ነኝ» ትላለች፣ በቃ። እኔ ዝም ማለት ስለማይሆንልኝ ለሁለታችንም አወራለሁ። እንድትሄድብኝ አልፈልግም። ባዶ ቤት ብቻዋን እንዳትቀር እፈራለሁ፤ እውነቱን ካወራን ደግሞ እኔም ብቻዬን እንዳልቀር እፈራለሁ።

እሷ የስፓኒሽ መምህርት ናት፣ እኔ የሆቴል እንግዳ ተቀባይ። አለቃዬ «ስፓኒሽ መማር አለብሽ» ሲለኝ ሄጄ እሷ ክፍል ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ዝምድናው ምንም አልጠቀመኝም።

ሁላችንም ስፓኒሹን በእንግሊዝኛ በኩል አዙረን ነበር የምናመጣው። አንድ ቀን አብሮን የሚማር አስጎብኚ ነገ እንደሚሄድ ሊነግረን «ኤስቶይ ሳሊየንዶ ማኛና» አለ።

«አሁን ከበሩ እየወጣህ ነው እንዴ?» አለችው፣ ፊቷ ሳይፈታ። «ኤስቶይ ሳሊየንዶ እያየንህ ስትወጣ ነው። ለነገ ‹ሳልጎ ማኛና› ይበቃሃል። በአማርኛስ ‹ነገ እየሄድኩ ነው› ትላለህ?»

«ኧረ አልልም።»

«ታዲያ ስፓኒሽ ምን በደለህ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ሰሌዳውን አጠፋች። «ጃኬት ለብሻለሁ» ለማለት «ኤስቶይ ዬባንዶ» ያለችውንም ፋርማሲስት «ዬቦ፣ በቃ። ‹ኤስቶይ ዬባንዶ› ካልሽ ተሸክመሽ እየወሰድሽው ነው፤ ጃኬቱን የት ልታደርሺው ነው?» ብላ አለፈቻት። ቀልዷ ከአፏ ይወጣል እንጂ እሷ ውስጥ የለችበትም።

ከዚያ ስለ ቤተሰባችን እንድንናገር አዘዘች። ተራዬ ሲደርስ ደረቴን ነፍቼ «ሚ ኤርማና ቢቤ ኮንሚጎ» አልኩ፤ እህቴ ከእኔ ጋር ትኖራለች ማለቴ ነው።

«ኤስታ ቢቢየንዶ» ብላ አረመችኝ።

ክፍሉ ግራ ተጋባ። አስጎብኚውማ «ዛሬ ደግሞ ይሄ ተፈቀደ?» አለ። እሷ ወደሚቀጥለው ተማሪ አለፈች።

ተማሪዎቹ ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ ያዝኳት።

«እትዬ፣ ምኑን ነው የተሳሳትኩት?»

«ሰዋስውሽ ትክክል ነው።»

«ታዲያ ለምን አረምሽኝ?»

«‹ቢቤ› ካልሽ ኑሮዋ እዚያው ነው ማለት ነው። ‹ኤስታ ቢቢየንዶ› ደግሞ ለጊዜው ነው።» ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። «እኔ ለጊዜው ነው ያለሁት።»

«ልትሄጂ ነው?»

«ቅዳሜ እሄዳለሁ።» አሁንም ድምፅዋ ውስጥ ምንም አልነበረም። «ቤቴ ታፍኗል መሰለኝ። መጥተሽ መስኮቶቹን ትከፍቺልኛለሽ? እኔ መጀመሪያ መግባት አልችልም።»

ከቀብሩ ወዲህ «አልችልም» ስትል የመጀመሪያዋ ነበር። ስንት ወር ያጠራቀምኩት «አትሂጂ» አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«እሺ እትዬ፣ እኔ እቀድማለሁ» አልኳት።