የአባቴ ማንኮራፋትና የሚኒባሱ ቁልፍ

«ቁልፉን አምጪ አልኩሽ!»

«አልሰጥም።»

«ሰማችሁ? በገዛ አፏ ስትናገር ሰማችሁ?» አባቴ ወደ ሁለቱ ሽማግሌዎች ዞረ። «ይህቺ ልጄ ናት። የሚኒባሴን ቁልፍ መቀነቷ ውስጥ ቋጥራ ቤቴ ውስጥ ትንጎራደድብኛለች።»

አልተንጎራደድኩም። በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። ቁልፉ ግን እውነትም መቀነቴ ውስጥ ነበር፤ ከዓርብ ጀምሮ ስተኛም አልፈታሁትም።

እሑድ ነበር፣ ምሳ ተበልቶ እጅ የታጠበበት ሰዓት። ከተማችን መርሳ በዚያ ሰዓት እንደ ምጣድ ትግላለች፤ ቆርቆሮው ይንጣጣል፣ ውሻ እንኳ ጥላ ፈልጎ ይጋደማል። አባቴ ሽማግሌ የጠራው በእኔ ላይ ነው። አንደኛው ጎረቤታችን ሐጂ ናቸው፤ ማንጎና ብርቱካን ይነግዳሉ፣ ቤታቸውና ቤታችን የሚለየው በአንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ሁለተኛው አባቴን መኪና ያስተማሩት ጡረተኛ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። እናቴ ከጓዳው ደፍ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ትቋጥራለች፣ ትፈታለች።

«ምክንያቷን ትናገራ» አሉ ሐጂ።

«ምክንያቷማ ታንኮራፋለህ ነው!» አባቴ ቀደመኝ። «ለማንኮራፋት ቁልፍ ይቀማል? በዚህ አገር የማያንኮራፋ ወንድ አለ?»

ጡረተኛው ሳቁ። «እኔ እንኳ ጅቡቲ መንገድ ላይ ሳንኮራፋ ጎማ ፈንድቷል ብለው የወረዱ ነበሩ።»

ሁሉም ሳቀ። እናቴም ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም፤ በዚህ ቤት ስለዚህ ነገር ለመሳቅ የሚሆነውን ሁሉ ስቄ ጨርሼ ነበር።

ነገሩ ሲጀመርማ ዋናዋ ሳቂ እኔ ነበርኩ። ከአሥረኛ ክፍል ወጥቼ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራ ነበር፤ በተበላሸ ወረቀት ጀርባ ግጥም እጽፋለሁ፣ ስለ አባቴ ማንኮራፋትም ሁለት ገጽ ጽፌ ለእናቴ አንብቤላት በሳቅ እንባዋ ፈሷል። መድኃኒት ፍለጋውንም የጀመርነው ለጨዋታ ያህል ነበር። ጥቁር አዝሙድ በጨርቅ ቋጥሮ ማሽተት ከሐጂ ሚስት መጣ። አስነጠሰው እንጂ ሌላ ያመጣው ለውጥ የለም።

ከዚያ የጎን እንቅልፍ። አባቴ የሚያንኮራፋው በጀርባው ሲተኛ እንደሚብስ እናቴ ከዱሮም ታውቃለች፤ በክርኗ ጎሸም ስታደርገው ዞር ይላል፣ ድምፁም ይቀንሳል። ስለዚህ በካናቴራው ጀርባ ኪስ ሰፋችና አንድ ጥሬ ብርቱካን ከተተችበት፣ በጀርባው ሲዞር እንዲቆረቁረው። የፍራፍሬ አገር የመርሳ ሰው ሌላ ምን ያስባል? ሦስተኛው ቀን ላይ ብርቱካኑ ሳይበስል አልቀረም፤ አንሶላው ተጨማልቆ፣ ጉንዳን ወርሮት ተገኘ። በምትኩ የካልሲ ኳስ ሰፋን። ይኼኛው ሠራ። አባቴ በጎኑ መተኛት ለመደ፣ ድምፁም ከወፍጮ ወደ ሞተር ብስክሌት ወረደ። ዝም ግን አላለም።

ቀጥሎ እህቴ ከጅዳ የአፍንጫ ፕላስተር ላከች። በአፍንጫ አጥንት ላይ ይለጠፋል፤ ውስጡ ያለችው ስስ ስንጥር ልትቃና ስትል አፍንጫውን ከሁለቱም በኩል ገለጥ ታደርጋለች። ጉንፋን ይዞት በነበረበት ሳምንት በጣም ረዳው፤ አፉን ከድኖ ተኛ። ጉንፋኑ ሲለቀው ፕላስተሩም ዋጋ አጣ፤ አፍንጫው ተከፍቶ ድምፁ ከጉሮሮው ይመጣል። ደግሞም የመርሳ ላብ አላስቀመጠውም። ጠዋት ጠዋት ጉንጩ ላይ፣ አንድ ቀን ደግሞ የእናቴ ሻሽ ላይ ተለጥፎ አገኘነው።

በመጨረሻ የአፍ ዕቃ መጣ፤ እሱም ከእህቴ። በፈላ ውኃ ይለሰልስና ይነከሳል፣ የጥርሱን ቅርጽ ይይዛል፤ ሲተኙ የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት ይዞ ያቆያል። መንጋጋ ወደ ፊት ሲመጣ ምላስም አብሮ ይመጣል፣ ጉሮሮውን አይዘጋም። አባቴ ግን በታች በኩል የግራ መንጋጋ ጥርሶቹ ወልቀውበታል። ዕቃው ይነቃነቃል፤ ምራቁ ይዝረከረካል፣ ጠዋት ቁርስ ለማላመጥ መንጋጋውን በእጁ ይደግፋል። ቢሆንም ጨከነ። ኳሱን ለበሰ፣ ፕላስተሩን ለጠፈ፣ ዕቃውን ነከሰ። እንደዚያ ተቆላልፎ ሲተኛ ወደ ጦር ሜዳ የሚሄድ ይመስል ነበር።

ድምፁም ጠፋ።

ሐጂ በማግስቱ አንድ ዘንቢል ማንጎ ይዘው መጡ። «አልሐምዱሊላህ፣ ግድግዳዬ ተኛ!» አሉ። አባቴ በመናኸሪያው ለጓደኞቹ ሁሉ ዳንኩ ብሎ አወጀ። ሁላችንም የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው። በሽታውን በጆሮ ስንለካ ከርመን መዳኑንም በጆሮ ለካነው። ድምፅ ከሌለ በሽታ የለም አልን፤ ለዚያውም ማንጎ ተበላበት።

እኔ ግን በዚያው ሳምንት እኩለ ቀን ላይ ጋደም ብሎ አየሁት። በጎኑ ነው፣ ኳሱም ዕቃውም አለ። ደረቱ ይነሳል፣ ሆዱ ይጎተታል፣ አየር ግን አይገባም። እጄን አፍንጫው ሥር አስጠጋሁ፤ ምንም። የግድግዳው ሰዓት ላይ ሃያ ቆጠርኩ፤ ከዚያም በላይ ሄደ። ድንገት እንደ ሰመጠ ሰው አንዴ ሳበና ተገላበጠ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደገና ቆመ። ግጥሜን ያን ዕለት ቀደድኩት።

ወልድያ ጥርስ የሚያክም ሰው ዘንድ ይዤው የሄድኩት ዕቃውን ያስተካክልልን ብዬ ነው። ሐኪሙ አፉን አይቶ ዕቃው የሚይዘው በቂ ጥርስ የለም አለ። ከዚያ ስለ ጥርስ ያልሆነ ነገር ይጠይቀኝ ጀመር። «ትንፋሹ ይቆማል? ጠዋት ራሱን ያመዋል? ቀን ያንቀላፋል?» ለሦስቱም አዎ አልኩ፤ አባቴ ለሦስቱም አይ አለ። ሐኪሙ ደም ግፊቱን አስለካው፤ ከፍ ብሏል። «ኳሱም ፕላስተሩም ዕቃውም ለተራ ማንኮራፋት ጥሩ ናቸው» አለ። «ትንፋሽ ለሚቋረጥበት ሰው ግን ድምፁ ቀነሰ ማለት ዳነ ማለት አይደለም። አዲስ አበባ ሄዶ ተኝቶ ይመርመር። በጭምብል አየር እየገፋ ጉሮሮውን ክፍት የሚያቆይ መሣሪያ አለ። እስከዚያ መሪ አይያዝ።»

«ሥራዬ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?» አለው አባቴ። ተነስቶ ወጣ፤ ተሳፋሪ ጫነና እኔን ጋቢና አስቀምጦ ወደ መርሳ ነዳ። መንገድ ላይ ያለችውን ሲሪንቃን ሳናልፍ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጭንቅላቱ ወደ ደረቱ ወረደ። መኪናው ወደ ግራ ሄደ። ከፊት ጭድ የጫነ አይሱዙ ይመጣል። ከኋላ አንዲት ሴት «በስመ አብ!» ብላ ጮኸች፣ እኔ መሪውን ሳብኩ። አባቴ ነቅቶ «አቧራ ዓይኔ ገባ» አለ። አስፋልት ላይ ነበርን።

ያን ዕለት ነው ቁልፉን የወሰድኩት።

ይህን ሁሉ ለሽማግሌዎቹ ተናገርኩ። ሐጂ ጺማቸውን ይዘው አዳመጡ። ጡረተኛው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ሾፌር ሁሉ ያንቀላፋል። ጫት ቢጤ ይያዝ፣ መስኮት ይክፈት፣ ያልፋል። አባት ግን አባት ነው። ቁልፉን መልሺ፣ እግሩን ስመሽ ይቅርታ ጠይቂ። ነገ የመጫን ተራው ነው።»

«አልመልስም።»

እናቴ «ተይ እንጂ፣ በሞቴ!» አለች።

አባቴ ፊቱ ጠቆረ። «ካልመለሽ እረግምሻለሁ። በእነዚህ ሰዎች ፊት እረግምሻለሁ።»

በእኛ አገር አባት እረግማለሁ ካለ ልጅ ይንበረከካል። እኔ ግን አልተንበረከክኩም። «ይርገሙኝ አባባ» አልኩ። «ቆመው ይርገሙኝ፣ በየቀኑ ይርገሙኝ። አንቱ በሕይወት ይኑሩ እንጂ እርግማኑን እችለዋለሁ። ከኋላዎ አሥራ ሁለት ሰው ጭነው ግን አይረግሙኝም።»

«አንቺ ልጅ! አፍሽን!» አሉ ጡረተኛው፤ ስለ አባትና ልጅ ረጅም ምክር ጀመሩ። ዱሮ በዓይን ጥቅሻ ብቻ ስለሚታዘዙ ልጆች፣ ስለ ዘመኑ፣ ስለ ትምህርት ቤት አወሩ። እኔ እሳቸውን አላየሁም፤ አባቴን ነበር የማየው። ምሳ በልቷል፤ ሙቀት ነው፤ ወንበሩ መደገፊያ አለው። በመጀመሪያ የዓይኑ ቆብ ከበደ። ቀጥሎ ራሱ ወደ ኋላ ተንጋለለ፣ አፉ ተከፈተ፣ ያ የማውቀው ድምፅ ቤቱን ሞላው።

ጡረተኛው ምክራቸውን አቁመው ፈገግ አሉ። «አይ አንተ! በሽምግልና መሀል?»

ሊቀሰቅሱት እጃቸውን ሲዘረጉ «አይንኩት» አልኩ። «ይዩት።»

ድምፁ ቆመ።

የጡረተኛው ፈገግታ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ጠፋ። የአባቴ ደረት ይነሳል፣ የአንገቱ ሥር ይሰረጉዳል፣ ከአፉ የሚወጣም የሚገባም የለም። ሐጂ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ መሰለኝ። እናቴ ብድግ አለች። ከንፈሩ ሲጠቁር ሁላችንም አየን። «ያ ረቢ!» አሉ ሐጂ፣ ትከሻውን ሊይዙት ተነሱ። ሳይደርሱበት አባቴ በጉሮሮው ግዙፍ ትንፋሽ ስቦ ነቃ፤ ወንበሩን በሁለት እጁ ጨብጦ ዙሪያውን አየ።

«እሺ፣ ቀጥሉ» አለ። «እየሰማሁ ነው።»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«ምንድን ነው? አልተኛሁም እኮ። ዓይኔን ጨፈን አድርጌ ነው።»

ሐጂ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ወንድሜ» አሉት፣ «ማታ ማታ ግድግዳው ጸጥ ሲል እኔ አላህን የማመሰግነው ለዚህ ነበር? እኔ ተኛ ስል አንተ እየታነቅክ ነበር?» ጉልበታቸውን በመዳፋቸው መቱ። «ማንጎ ይዤ መጣሁ እኮ።»

ጡረተኛው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አሽከረከሩ። ወደ እኔ ሳያዩ «ቁልፉ እሷው ዘንድ ይቆይ» አሉ። «መኪናውን የእህቴ ልጅ ያሽከርክረው፤ ቁልፉን ከእሷ ይቀበላል። ማክሰኞ በአውቶብስ አብሬህ አዲስ አበባ እወርዳለሁ።»

«በአውቶብስ?» አባቴ ተነሳ። «ሃያ ዓመት የነዳሁ ሰው ተሳፋሪ ሆኜ? ሰው ነድቶኝ?»

«አዎ» አልኩ እኔ። «ተሳፋሪ ሆነው።»

አየኝ። እስኪረግመኝ እየጠበቅኩ ቆምኩ፤ መቀነቴን በእጄ ይዤዋለሁ። አልረገመኝም። እጁንም ለቁልፉ አልዘረጋም። ጫማውን በእግሩ ፈልጎ አጠለቀ፣ በአጠገቤ ሲያልፍ ትከሻው ትከሻዬን ነካ፣ ወጣ፤ የቆርቆሮ በሩንም ከኋላው ጓ አድርጎ ዘጋው።