ሷሊሕ ያዳነው መሬት

ሷሊሕ በቀላሉ ሰው የሚያምን ገበሬ አልነበረም። ጀውሃ ገበያ በሬ ሲገዛ እንኳ የሻጩን መሐላ ትቶ የበሬውን ጥርስ ራሱ ያያል። በዕድሜው ያመነው አንድ ንግግር ብቻ ነው፤ ያም ንግግር ጉድ ሠራው።

ንግግሩን ያደረገው አሰፋ የተባለ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነው። የገበሬ ማኅበሩ በግራሩ ሥር በተሰበሰበበት ቀን አንድ የማሾ ጥራጥሬ ተክል ከነሥሩ ነቅሎ ይዞ ቆመ። ከደጋ የመጣ ቀጭን ልጅ ነው፤ ቆላው ፊቱን ልጦታል።

«መሬታችሁ ደክሟል» አለ። «ማሽላ በማሽላ ላይ ስትዘሩ ዓመት ከዓመት ያንኑ ኃይል ነው የምትወስዱበት። አንድ ዓመት ማሾ ዝሩ፣ በቀጣዩ ማሽላ። እዚህ ሥሩ ላይ ያሉትን እንክብሎች ተመልከቱ፤ ከአየር የያዙት ኃይል ለመሬቱ ይተርፋል። ስትሰበስቡ ግን በማጭድ እጨዱ እንጂ እንደ ልማዳችሁ አትንቀሉ። ሥሩ እዚያው ይበስብስ።»

ስለ አቀንጭራም ነገራቸው። ይህ የማሽላን ሥር የሚመጥ አረም ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ማሽላ ይጠብቃል። ማሾም ሊቀሰቅሰው ይችላል፤ ከማሾ ሥር ግን የሚመጠው ስለማያገኝ ይሞታል። ባንዴ አይጠፋም፣ እየቀነሰ ይሄዳል።

ቀልደኛው ሽፈራው «ባቄላ አለቀ ቢሉ ፈስ ቀለለ ብለን ነበር፤ አሁን ደግሞ በማሾ ሊመልሱብን ነው» አለና ሰዉን አሳቀው። ሷሊሕ አልሳቀም። አባቱ ያረሰው፣ እሱም ያረጀበት የወንዝ ዳር ማሳ ያን ዓመት ግማሹ በአቀንጭራ ተበልቶ ነበር። ያ መሬት ከሞተ ለልጁ ለሙሀባ የሚያበላት የለውም።

በክረምቱ ማሳውን በሙሉ ማሾ ዘራበት። ቆላ ላይ ማሽላ አለመዝራት ቀላል ነገር አይደለም። አገዳው የበሬ መኖ ነው፣ የጎጆ ክዳን ነው፣ ማገዶ ነው። ሚስቱ ዘይቱና በየዘመዱ ቤት አገዳ ስትለምን ከረመች። ማሾው ደርሶ ሷሊሕ ጎንበስ ብሎ በማጭድ ሲያጭድ፣ ጎረቤቶቹ መሬት ሊላጭ ነው ብለው ሳቁበት። በሬው ከሳ፤ እሱም ከሳ።

በቀጣዩ ዓመት ማሽላው ሌላ ሆነ። አገዳው ወፈረ፣ ራሱ ከክብደቱ የተነሣ አጎነበሰ፤ አቀንጭራው እዚህም እዚያም ብቻ ታየ። አሰፋ በደስታ የሚገባበት አጣ። የማኅበሩን ሊቀ መንበር ታደሰንና ከወረዳ የመጡ ሰዎችን ይዞ መጣና ማሳው ዳር ቆሞ ሁለተኛውን ንግግር አደረገ። ሷሊሕ አርአያ ተባለ፤ ተጨበጨበለት። ሞኝ ሰው ሲያጨበጭቡለት ኪሱን አይጠብቅም፤ ሷሊሕም ደስ አለው። የወረዳው ሰዎች ግን ማሳው ውስጥ ገብተው አፈሩን በእጃቸው ያሹ ነበር።

አዝመራው እንደተነሣ የወረዳው ውሳኔ ወጣ። የወንዝ ዳሩ መሬት አዲስ ለተቋቋመው የአምራቾች ማኅበር ተሰጠ። ለሷሊሕ ምትክ ተብሎ ከኮረብታው ሥር ጠጠራም ማሳ ደረሰው፤ በአቀንጭራ አበባ ሐምራዊ ሆኖ የኖረ መሬት ነው። ታደሰም፣ አርአያ ገበሬ የትም ቢሄድ ያለማል አለው፤ ይህን ሲል ፈገግ ብሎ ነበር።

አሰፋ ሰምቶ እየሮጠ መጣ። ወረዳ ሄዶ ተሟግቶ፣ ያንተ ሥራ ማስተማር ነው ተብሎ ተመልሷል። አዲሱ ማሳ ላይ ቆሞ ጠጠሩን በእግሩ ገለጥ ገለጥ አደረገ።

«ጋሼ ሷሊሕ፣ ይሄም ይድናል» አለ። «ሁለት ሦስት ዓመት ማሾ እያፈራረቁ ቢዘሩበት...»

«ልጄ፣ አልዋሸኸኝም» አለ ሷሊሕ። «ወላሂ ያልከው ሁሉ እውነት ነው። መሬቱ ግን የእኔ የነበረው ታሞ ሳለ ነው።»

ሷሊሕ ጠጠሩ ላይ ማሽላ ዘራ፤ በቀጣዩም ዓመት ማሽላ በማሽላ ላይ ደገመ። ብቅ ያለውን አቀንጭራ እንኳ ሳይነቅል እያየው ያልፍ ነበር፤ ማንም ሊቀማው የማይመኘውን መሬት እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቀው ጀመር። ሙሀባ ጉንጯ ጎደጎደ።

ሦስተኛው ዝናብ ሲቃረብ ዘይቱና ለዘር ያስቀመጠችውን ማሾ ከጎተራው ሥር በሰፌድ አወጣች።

«የሙሀባ አባት፣ ዘር እኮ አለን» አለችው። «እንዴት እንደሚድን ታውቃለህ። ልጅቷን እያት።»

ሷሊሕ ልጁን አያት። ከዚያ ማሾውን በእፍኙ ዘግኖ አገላብጦ ተመለከተውና መልሶ ሰፌዱ ላይ አፈሰሰው።

«ቀቅዪው» አላት።

ዘይቱና ዘሩን ቀቀለችው። ሦስቱም ከበው በሉት፤ ሙሀባም ያን ምሽት ጠገበች።