በምሳ ሰዓት የት ነበርክ?

በልብስ ማጠቢያችን የሠራተኛውን ሰዓት የምትይዘውን ሴት በሌለችበት «እመት ደቂቃ» እንላታለን። ፊት ለፊት የሚደፍር የለም። ለምሳ የሚወጣ ሰው ሲወጣም ሲመለስም ጣቱን ሰዓት በሚመዘግበው የአሻራ ማሽን ላይ ያሳርፋል፤ የምሳ ሰዓት ስለማይከፈልበት ይቀነሳል። ሲወጣ የረሳ ሰው ቀኑን ሙሉ የሠራ ይመስላል። እመት ደቂቃ ታዲያ በግምት አትቀንስም። ሰውየውን ትጠይቃለች፣ ከአለቃው ታጣራለች። ከበላ ቀንሳ ታስፈርመዋለች፤ ሥራ ላይ ከዋለ አትነካበትም። በዚህ ለእናቷም አታዳላም።

ባሏ እዚያው ልብስ ተኳሽ ነው፤ መልከ መልካም፣ ጨዋታ አዋቂ። በቅርቡ ከመተኮሻው ጎን የተቀደደ አንሶላ የምትጠግን አዲስ ሰፊ ተቀጠረች። ሳቋ እኔና እመት ደቂቃ እስከምንሠራበት ቢሮ ይሰማል። ሳቁ በተሰማ ቁጥር እመት ደቂቃ ቀና ትላለች፤ እህል ውሃ እንኳ አስጠላት። ቅናት ክፉ ነው፤ እኔም ባል ስላለኝ አውቀዋለሁ።

አንድ ሳምንት ባሏም ሰፊዋም ለምሳ ጣታቸውን ሳያሳርፉ ሰነበቱ። ያን ጊዜ እመት ደቂቃ ማንንም አልጠየቀችም። የሰፊዋን የምሳ ሰዓት በሙሉ ቀነሰች፤ የባሏን ግን እንደሠራ ቆጥራ ተወችው። «የኔ ሰው ሥራ ይወዳል» አለችኝ። እኔ ምን አገባኝ ብዬ ወደ ሥራዬ ዞርኩ።

ደመወዝ ሲወጣ ሰፊዋ መጣች። አልጮኸችም።

«እትዬ፣ በምሳ ሰዓት ከማሽኔ አልተነሳሁም። አለቃ ናቸው አንሶላው አልደርስ ብሎ የለመኑኝ።»

አለቃው ተጠሩ፤ እውነቷን ነው አሉ። ስለ ተኳሹ ሲጠየቁ ግን እሱን ያዘዝኩት ነገር የለም፣ ራሱን ጠይቂው ብለው ወጡ። ያን ጊዜ የእመት ደቂቃ ፊት አመድ መሰለ።

ባሏ ላቡን እየጠረገ ገባ።

«በምሳ ሰዓት የት ነበርክ?»

«እዚያው መተኮሻው ጋ።»

«ስትሠራ?»

«አይ፣ እሷ ስትሰፋ እኔ ምሳዬን ስበላ ነበር። ቀንሺብኝ።»

«መመገቢያ አዳራሽ እያለ?»

ወለሉን አየ። «እዚያ ስበላ ደስ ይለኛል» አለ።

ሁሉንም እንደ ደንቡ አደረገች። የሰፊዋን ሰዓት መለሰችላት፤ አስፈርማ ይቅርታ ጠየቀቻት። ይቅርታው እሾህ የመዋጥ ያህል ነበር። ከዚያ የባሏን ቀነሰችና ወረቀቱን ገፋ አደረገችለት። ፈረመ።

ከሠርጋቸው ቀን ጀምሮ አውቃቸዋለሁ፤ አንቱ ስትለው ሰምቼ አላውቅም።

«ከእንግዲህ ምሳ ሲበሉ ጣትዎን ማሳረፍ እንዳይረሱ» አለችው።