ሁለት ባይተዋር ኮከቦችና አንድ ወፍጮ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጋሽ ይማም አንድም ኮከብ አላሳየኝም። አሶሳን በእግር አዞረኝ። በየደጁ እየቆመ፣ «ይህ ቤት የማን ነው? ማን ይኖርበታል? ባለቤቱስ የት ያድራል?» እያለ ይጠይቀኛል። ሰዎች የግብር ሠራተኞች መስለናቸው በር ይዘጉብን ጀመር። አንዲት ሴት እንዲያውም ቤቱ የእሷ እንዳልሆነ ምላ ተገዘተች፤ የእሷ መሆኑን ግን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ጋሽ ይማም ከወሎ በሰፈራ የመጣ ኮከብ ቆጣሪ ነበር። እኔም የሰፋሪ ልጅ ነኝ። የማሽላ አረም ሰልችቶኝ ሥራውን ልልመድ ብዬ ስጠይቀው፣ «ሒሳብ ትችያለሽ፣ አፍሽም አያርፍም፤ ለዚህ ሙያ ሁለቱም ያስፈልጋል» ብሎ ተቀበለኝ። ሙገሳ መስሎኝ ነበር።

ዞረን ዞረን ሲደክመን አንድ ግንድ ላይ ተቀመጥንና፣ «በቃ፣ ሰማዩን አወቅሽው» አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ሰማይ ላይ ዐሥራ ሁለት ቤቶች አሉ፤ እያንዳንዱ ቤት ባለቤት አለው። ሐመልና አቅራብ የማርስ ናቸው። ሰውርና ሚዛን የቬነስ፤ ገውዝና ሰንቡላ የሜርኩሪ። ሸርጣን የጨረቃ፣ አሰድ የፀሐይ። ቀውስና ሑት የጁፒተር፣ ጀዲና ደለዊ የሳተርን። ኮከቦቹ ግን እንደ ሰው ይዞራሉ፤ ሁልጊዜ ቤታቸው አይገኙም። አንዱ ኮከብ በሌላው ቤት ሲገባ እንግዳ ይሆናል፤ የቤቱ ባለቤት አሳዳሪው ነው። እንግዳ የሚበላው አሳዳሪው ያለውን ነው። አሳዳሪው ራሱ ሌላ ሰው ቤት ካደረ ደግሞ ወደዚያኛው ትሄጃለሽ። እንዲህ እያልሽ ሰንሰለቱን ትከተያለሽ፤ ወይ በገዛ ቤቱ የተቀመጠ አንድ ኮከብ ጋ ደርሶ ይቆማል፣ ወይ ሁለት ኮከቦች አንዱ በሌላው ቤት ገብተው ይዞርብሻል። ይህን ሁለተኛውን ጋሽ ይማም «መቀባበል» ይለዋል።

የቤቶቹ ስም ከዓረብኛ የመጣ ስለሆነ ዓረብኛ ከሚሰሙት የበርታ ደንበኞቼ ጋር ብዙ ማስረዳት አያሻኝም። አቅራብ ስል ጊንጡ ይታያቸዋል። ኮከቦቹን ግን በትምህርት ቤት ስማቸው እጠራለሁ፤ ወጣቶቹ ሳተርንን ዙሐል ስላቸው መድኃኒት ይመስላቸዋል።

ከጀማሪነቴ የማስታውሰው አንድ ወጣት የጤና ባለሙያ አለ። ጎረቤቱ የሆነች ልጅ ታገባው እንደሆነ ሊጠይቅ መጣ። ቬነስ በሐመል፣ ማርስ በሰውር ተቀምጠዋል፤ አንዱ በሌላው ቤት። «መቀባበል ነው! ድግስ ደግስ!» ልል አፌን ስከፍት ጋሽ ይማም ሳል አለና፣ «ይተያያሉ?» አለኝ። ሐመልና ሰውር ጎን ለጎን ናቸው፤ ጎን ለጎን ያሉ ቤቶች አይተያዩም። «ይፈላለጋሉ፣ ግን አንዱ የሌላውን ልብ አያይም። ሦስተኛ ኮከብ መሀል ገብቶ ካላገናኛቸው እንደተመኙ ይቀራሉ» አለ። ለወጣቱም፣ «ሽማግሌ ላክ» አለው። ላከ፤ አገባት። ዛሬ ሲጨቃጨቁ ድምፃቸው እኔ ቤት ድረስ ይሰማል።

ጋሽ ይማም ካረፈ በኋላ ቦታውን ይዤ ለብቻዬ ሠራሁ። ከሠራኋቸው ሁሉ የምወደው የሙናን ጉዳይ ነው።

ሙና የወፍጮ ባለቤት ናት፤ በርታ ናት፣ ብርቱ ሴት። ወፍጮዋ የተተከለው መንገድ ዳር በሚገኘው የአቶ ቶለሳ ቤት ውስጥ ነው። ቶለሳ የባምባሲ ሰው ነው፣ እህል ነጋዴ። የሱ በቆሎ ደግሞ የሚከማቸው በሙና ግቢ ነው። ኪራይ የሚባል ነገር በመሀላቸው የለም፤ ቤት በቤት ተለዋውጠው ነው የሚኖሩት። ለሁለቱም አልተመቻቸውም። ቶለሳ ጆንያውን የሚያወጣው በሙና ማድቤት በኩል ነው፤ የሙና ወፍጮ የቆመበት ቤት ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ ገብቶ የሚወጣ ሁሉ ግንባሩን ይመታል።

በግንቦት አንድ ቅዳሜ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ገደማ ሙና ዱቄቷን ሳታራግፍ መጣች።

«እትዬ የሺ፣ ቶለሳ ቤቱን ሊሸጥ ነው። ሳይነግረኝ! ወላሂ ደከመኝ። ማሽኑን ነቅዬ ልሂድ ወይስ ልቀመጥ?»

ቀልድ አልነበረም። ወፍጮ ከተነቀለ አዲስ ቦታ መሠረት ይፈልጋል፤ የወፍጮ መብራት ለማስገባት ደግሞ ስንት ደጅ መጥናት አለ። ልጆቿን የምታስተምረው በዚያች ወፍጮ ነው። ዝናቡም ደጅ ላይ ነበር።

ስልኬን አውጥቼ የሰዓቱን ሰማይ አየሁ። ዱሮ በሠንጠረዥ የምንለፋበትን አሁን ስልክ ያወጣዋል፤ ማንበቡ ግን አሁንም የእኔ ነው። በምሥራቅ እየወጣ ያለው ሚዛን ነው። የሚወጣው ቤት ባለቤት የጠያቂው ኮከብ ነው፤ ስለዚህ ጠያቂዋ ሙና ቬነስ ናት። ቬነስ የት ናት? በሐመል፣ ከሚዛን ሲቆጠር በሰባተኛው ቤት፣ ማለት በባላንጣና በሸሪክ ቤት። የሐመል ባለቤት ማርስ ነው፤ ቶለሳ ማለት ነው። ማርስስ? በሚዛን፣ ሙና ግቢ።

ሳቄ መጣ። ሙና ተቆጣች።

«እኔ እየተቃጠልኩ ትስቂያለሽ?»

«በአንቺ አይደለም፣ በሰማዩ ነው» አልኳት።

ሁለቱም ከገዛ ቤታቸው ትይዩ ስለተቀመጡ ባይተዋር ናቸው፤ አቅማቸው ደካማ ነው። ፊት ለፊት ስለተያዩ ደግሞ ጠብ ነው። ቬነስ ከማርስ ትክክለኛ ትይዩ ልትደርስ የቀራት አንዲት ዲግሪ ገደማ ናት፤ ነገ ይፋጠጣሉ። መቀባበል ባይኖር ኖሮ «ንቀይ» እላት ነበር። ግን አንዱ ሌላውን ቤቱ አስገብቶታል። እንግዳውን የጎዳ፣ እንግዳው ቤት ያለውን የራሱን ዕቃ ጎዳ።

ከዚያ ሰንሰለቱን ተከተልኩ። ፀሐይ በሰውር፤ ወደ ቬነስ። ጁፒተር በሸርጣን፤ ወደ ጨረቃ። ጨረቃ በሚዛን፤ ወደ ቬነስ። ሳተርን በአቅራብ፤ ወደ ማርስ። ሰማዩ ሁሉ ተጠራርቶ እነዚህ ሁለት ጠበኞች እጅ ላይ ወደቀ። አንድ ብቻ ቀረ፦ ሜርኩሪ። በገውዝ፣ በገዛ ቤቱ ተቀምጧል። ማንም አያሳድረውም።

ሜርኩሪ የደላላ ኮከብ ነው። በዚያ ሰዓት ደግሞ ዐሥራ ሁለተኛው የሆነው የሰንቡላ፣ የስውር ጠላት ቤት፣ ባለቤት ነበር። ወደ ቬነስም ወደ ማርስም በመልካም ዓይን ያያል፤ ለሁለቱም አፉ ማር ነው።

«ሙና፣ ቤቱ ሊሸጥ ነው ያለሽ ማን ነው?»

«ጌቱ ነው ነገረኝ። ጥሩ ሰው ነው። ሌላ ቤትም አሳየኝ።»

ጌቱ በከተማው የታወቀ ደላላ ነው። «ነገ በዚሁ ሰዓት ነይ፣ መልሱን እነግርሻለሁ» አልኳት።

ሙና ወጥታ ብዙ ሳይቆይ ስልኬ ጮኸ። ቶለሳ ነው።

«እትዬ የሺ፣ አካም? አንድ ነገር ታይልኛለሽ? ሙና ግቢዋን ለሌላ ልታከራይ ነው አሉ። በቆሎዬን ዝናብ ሊበላው ነው እኮ! መደወሌን ግን ለማንም እንዳትነግሪ።»

«ኧረ እኔ! ነገ ዐሥር ሰዓት ና» አልኩት። ለማንም አልተናገርኩም።

ቀጥዬ ለጌቱ ደወልኩ። «የሚከራይ ቤት አለ፣ ነገ ዐሥር ሰዓት ብቅ በል» አልኩት። ውሸት አይደለም። አሶሳ ውስጥ የሚከራይ ቤት መቼ ጠፍቶ ያውቃል?

እሑድ ሙና ቀድማ መጣች። ቶለሳ ሲገባ ያየችው ጊዜ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እሱም ዞሮ ሊወጣ ሲል ጌቱ ከበሩ ላይ ገጠመው።

ጌቱ ሁለቱን አንድ ላይ ሲያያቸው ፊቱ ላይ የነበረው ፈገግታ ቦታ አጣ። እኔ ግን በርጩማ ሰጠሁት።

«ጌቱ፣ እስቲ ፍረድ። ሙና ከቶለሳ ቤት ትውጣ ወይ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ እትዬ፣ ሁለቱም ወዳጆቼ ናቸው» አለ።

«ለኔ ቶለሳ ይሸጣል አላልክም?» አለች ሙና።

ቶለሳ ብድግ አለ። «እኔ? ማነው የሚሸጠው? ለኔ አይደል እንዴ ሙና ግቢውን ልታከራይ ነው ያልከኝ!»

ከዚያ በኋላ የተባለውን ሁሉ አልጽፈውም፤ ያነሱት የጌቱን ዘር እስከ ሰባት ቤት ነው። ጌቱም በመጨረሻ፣ «ገበያ ነው፤ ሰው ካልተንቀሳቀሰ እኔ ምን እበላለሁ?» አለ። ቢያንስ አልዋሸም።

ሙና ወደኔ ዞረች። «መልሱስ?»

«አትንቀይ። እሱ ቤት ካልኖርሽ በቆሎው ዝናብ ላይ ነው፤ እሱ ግቢሽ ካልኖረ ወፍጮሽ መንገድ ላይ ነው። ትጣላላችሁ፣ ይህን ሰማዩም አይክደውም። ግን አትለያዩም።»

ታረቁ ብዬ አልዋሽም። ሲወጡ በማድቤቱ በር ጉዳይ እየተጨቃጨቁ ነበር። ቶለሳ፣ «ጣሪያውን ከፍ አደርገዋለሁ፣ አንቺም በሩን አስፊልኝ» ሲል ሰማሁት። ሙናም «መጀመሪያ ጣሪያውን!» አለችው። ወፍጮው ከቦታው አልተነቀለም፤ በደስታ አለቀስኩ ብል ሰው ያምነኛል? ግን ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር።

ጌቱ ግን አልወጣም። በርጩማው ላይ ኮፍያውን እያሻሸ ቆየና፣ «እትዬ፣ በዚያ ሰማይ እኔም ነበርኩ?» አለኝ።

«ነበርክ። በገዛ ቤትህ፣ ጠንካራ ሆነህ።»

«ታዲያ ጥሩ ነዋ!» አለና ኮራ አለ። «የሚያሳድረኝ የለም ማለት ነው?»

«የለም። ሌላኛው ቤትህ፣ ሰንቡላም፣ ባዶ ነው። ሌሎቹ ሁሉ አንዱ ከአንዱ ተያይዘዋል። አንተን ቤቱ ያስገባህ የለም፣ አንተ ቤት የገባም የለም።»

አሾፍኩበት ብዬ ነበር። እሱ ግን አልሳቀም። አሶሳ ከመጣ ስንት ዓመቱ እንደሆነ፣ ስንት ሰው ከቤት ጋር እንዳገናኘ ነገረኝ። ከዚያ፣ «ባለፈው ታምሜ ስተኛ በሬን ያንኳኳ አልነበረም» አለ። ሻይ አፈላሁለት፤ ጠጥቶ ሄደ።

ይህን ሙያ ለምትጀምሩ የምለው ይህ ነው፦ መቀባበል ፍቅር አይደለም፤ ጥንካሬም አይደለም። የሌላው ጉዳት የራስ ጉዳት መሆኑ ነው። ብቻውን ጠንካራ የሆነ ኮከብ ስታዩ «እሰየው» ከማለታችሁ በፊት፣ ቢወድቅ የሚጎዳ ሌላ ኮከብ እንዳለ ፈልጉ።