ውሃውን አፍሉት

ከተማው ውስጥ የሆድ በሽታ ገብቶ፣ ሰባኪው በሬዲዮ ሊመክሩ ነው። የሬዲዮ ጣቢያው ጽሑፍ አዘጋጅ ንግግራቸውን ወደ ተራ የንግግር ቋንቋ ለማፍታታት ሦስት ቀን ፈጀባት። «የሕይወት ምንጭ የሆነው ውኃ በእሳት ይነጻ ዘንድ ይገባል» የሚለውን «ውሃውን አፍሉት» አደረገችው፤ የሬዲዮ ሰሚ ገጽ ገልጦ መልሶ አያነብምና ሦስት ቦታ ደገመችው።

ሰባኪው «እሺ ልጄ» ብለው ስቱዲዮ ገቡ። ቀዩ መብራት ሲበራ ግን ወረቀቱን ገልብጠው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ «ወገኖቼ ሆይ!» ብለው የድሮውን ንግግራቸውን በቃላቸው ያወርዱት ጀመር። ስርጭቱ ቀጥታ ነው። ከመስታወቱ ወዲህ እጇን ብታወናጭፍ ማን ሊያያት!

ቤት ስትደርስ እናቷን ጠየቀቻት።

«ሰማሽ፣ እማ?»

«አንጀቴን አራሱት! እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።»

«ምን አሉ?»

«እሱንስ እንጃ፤ ድምፃቸው ግን!» አለችና ብርጭቆ ዘረጋችላት። «ደክሞሻል፤ እንቺ ጠጪ፣ አሁን ከቧንቧ የቀዳሁት ነው።»