የወንድሜ አገጭ

ወንድሜ በደርግ ጊዜ ለውትድርና ሲጠራ፣ ከአንኮበር ደብረ ብርሃን ድረስ ሄዶ አንድ ጉርድ ፎቶ ተነሳ። ፎቶው በሰው እጅ መጣልን፤ እሱ ግን በዚያው ቀረ። ሚስቱ ያኔ እርጉዝ ነበሩ። እኔ ታናሹ ስለሆንኩ ዛሬም እትዬ ነው የምላቸው።

እትዬ ፎቶውን በመስታወት አስገብተው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። የአንኮበር ጉም ደግሞ በር አይከለክለውም፤ እንደ ቤተኛ ገብቶ ይቀመጣል። ክረምቱ ሲበረታ ጣራው አፈሰሰና ጥቀርሻ ያዘለ ውሃ በወንድሜ ጎፈሬና ግንባር ላይ ወረደ። ፎቶው ከመስታወቱ ጋር ተጣበቀ። እትዬ ላጽዳው ብለው ሲያላቅቁት ወረቀቱ መጣ፤ ከወረቀቱ ላይ ያለው ሥዕል ግን ከታች በኩል ተልጦ መስታወቱ ላይ ቀረ። እሳቸው መች አወቁ! ቆሻሻ መስሏቸው መስታወቱን በአመድና በሙቅ ውሃ ፈትገው አጠቡት። የወንድሜ አገጭና የአፉ ግራ ግማሽ ከእጣቢው ጋር ደጅ ተደፋ። እሱ ከሄደ በኋላ የተወለደችው ልጅ ያኔ ጡት እንኳ አልጣለችም። እናም አባቷን ስታውቀው አገጭ አልነበረውም።

ደርግ ወድቆ ስንት ክረምት አለፈ። ልጅቷ አድጋ ደብረ ብርሃን ትዳር ያዘች፣ ወለደች። አንድ ቀን ትንሹ ልጇ ፎቶውን አይቶ «እማዬ፣ አያቴ በምኑ ነው የሚበላው?» ብሎ ጠየቃት። ስቃ ስቃ ስታበቃ አለቀሰች አሉ። ከዚያ እኛ ዘንድ መጣች።

«አጎቴ፣ በኮምፒውተር የተበላሸ ፎቶ የሚያድስ ሰው አግኝቻለሁ። በዚያ ዕድሜ የተነሳ የቅርብ ዘመድ ፎቶ ካለ አምጪ ብሎኛል። ያ የገበሬ ማኅበር መታወቂያዎ አለ?»

«አለ እንጂ። ምን ያደርግልሻል?»

«እኔም አልገባኝም። ብቻ የአባቴን ሙሉ ፊት ሳላይ እንዳልሞት ነው የምፈልገው።»

እሷ፣ እትዬና እኔ ሦስታችን ሄድን። ባለፎቶ ቤቱ ጨዋታ የሚወድ ጎልማሳ ነው። ፎቶውን ተቀብሎ በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን አራገፈና፣ ስካነር በሚባለው ሣጥን ላይ በፊቱ ደፋው። ከደነው። ከሥር አንድ ብርሃን ሲሳብ አየሁ። ወዲያው ወንድሜ ኮምፒውተሩ ላይ የመሶብ ክዳን አክሎ ወጣ። ያቺ ትንሽ ፎቶ ይህን ሁሉ ቁስል የት ደብቃው እንደኖረች እንጃ።

ሰውየው ማውሷን ጨበጠና የወንድሜ ጉንጭ ላይ የነበረውን ነጭ ጭረት ማጥፋት ጀመረ። እኔ ብድግ አልኩ።

«ኧረ በገብርኤል! ያለን እሱ ብቻ ነው፣ አታጥፋው!»

«አባባ፣ ይቀመጡ። ዋናውን አልነካሁትም» ብሎ ሣጥኑን ከፈተልኝ። ፎቶው ከነጭረቱ ተኝቷል። ቀና ስል ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ ጭረቱ የለም። ሁለት ወንድም ያለኝ መሰለኝ፤ አንዱ የቆሰለ፣ አንዱ የዳነ።

ጭረቱን እንዴት እንዳዳነው አሳየኝ። ከጭረቱ አጠገብ ያለውን ጤነኛ ቆዳ ይቀዳና በጭረቱ ላይ ይለጥፋል፤ ትንሽ ትንሽ፣ ጥላው ከጥላ፣ ብርሃኑ ከብርሃን እንዲገጥም። ልብስ ጣፊ ለጋቢ ክር እንደሚመርጠው ማለት ነው። ይኼ ገባኝ። ቀጥሎ ያደረገው ግን አልገባኝም። ፎቶውን ሦስት አደረገው፤ አንዱ በቀይ፣ አንዱ በአረንጓዴ፣ አንዱ በሰማያዊ ብርሃን የታየ ነው አለን። ለኔ ሦስቱም ጥቁርና ነጭ ናቸው። ብቻ በቀዩ ላይ የጥቀርሻው ቡናማ እድፍ ሳስቶ፣ ከሥሩ የወንድሜ ጎፈሬ ብቅ አለ። እትዬ እልል ሊሉ ዳድቷቸው አፋቸውን በነጠላ ያዙ።

ሰውየው አንዲት ጥቁር ነጥብ ላይ ሲደርስ ቆም አለ። «ይቺ የፊቱ ናት ወይስ የወረቀቱ?»

እኔ አላስታውስም። እትዬም እንደዚሁ። እሱ ዋናውን አወጣና ወደ መስኮቱ አዘንብሎ አየው። «ከወረቀቱ በላይ አብጣ ትታያለች። የዝንብ ኩስ ናት።»

«የዝንብ?» አለች ልጅቷ። «እኔ እኮ ማርያም የሳመችው እያልኩ ነው ያደግኩት!»

«ላጽዳት?»

ወደ ነጥቧ ጎንበስ አለች። «ተዋት። ለምጃታለሁ።»

አገጩ ላይ ሲደርስ ሥራው ከበደ። እድፍ ቢሆን ከሥሩ የሚገኝ ነገር አለ፤ እዚህ ግን ባዶ ወረቀት ነው። የኔን መታወቂያ ሣጥኑ ላይ ደፋው። ኮምፒውተሩ ላይ ወጣሁ፤ ጎረምሳ ነኝ፣ የማኅበሩ ሰማያዊ ማኅተም አገጬን አቋርጦት አልፏል። ያንን ደግሞ በሰማያዊው በኩል አይቶ አደበዘዘው፤ የቀረውን እየቀዳ ሸፈነው። ከዚያ እኔን ገልብጦ ቀኜን ግራ አደረገው።

«ምን አደረግኩህ ልጄ?» አልኩት።

«የወንድምዎ ፎቶ ላይ መብራቱ ከግራ ነው የመጣው፣ የእርስዎ ላይ ከቀኝ። ካልገለበጥኩዎት ጥላው ይጣላል።»

አገጬን ቆረጠና ወንድሜ ላይ አስቀመጠው። የጠፋውን ግማሽ አፍ ደግሞ የተረፈውን ግማሽ ቀድቶ ገልብጦ ሞላው። መጋጠሚያውን አለዘበ፣ የወረቀቱን ሻካራነት መልሶ ነሰነሰበት። አንድ ሙሉ ሰው ተቀመጠ። ልጅቷ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ታየዋለች። እኔ ግራ ገባኝ። ወንድሜ ነው እንዳልል እኔን ይመስላል፤ እኔ ነኝ እንዳልል ዓይኑ የሱ ነው።

እትዬ ወደ ኮምፒውተሩ ቀረቡና «ይኼ ሰው ማነው?» አሉ።

የልጅቷ ፊት ሲጠቁር አየሁ። «እማዬ፣ አባቴ ነዋ!»

«አይደለም። የአባትሽ አፍ ቀጥ ብሎ አያውቅም። ወደ ግራ ያጋድል ነበር። ሲናገር ሁሌ አንድ ነገር የደበቀኝ ይመስለኝ ነበር።»

ልጅቷ ወደኔ ዞረች። «እውነት ነው አጎቴ?»

አብሬው ያደግኩ ሰው ነኝ፤ በአንድ ቁርበት ተኝተናል። አፉን ባስብ ባስብ የሚመጣልኝ ሳቁ እንጂ ቅርጹ አይደለም። «እሳቸው ካሉ ነው» አልኩ።

ባለፎቶ ቤቱ አልተቆጣም። «መገልበጤ ነው ያበላሸው። ሁለቱ ወገን አንድ ዓይነት ሆነበት» አለና የግራውን የአፍ ጫፍ ይዞ በቀስታ ዝቅ አደረገው።

«ትንሽ» አሉ እትዬ። «ትንሽ። አሁን በዛ፣ በሽተኛ አደረግኸው! መልስ። መልስ... ቁም!»

ቆመ። እሳቸው ነጠላቸውን አጣፉና ደጅ ወጡ። ልጅቷ «ይኼንን እጠበው» አለችው። ሰውየው አዲሱን አትሞ አወጣላት፤ ዋናውንም በንጹሕ ወረቀት ጠቅልሎ ሰጣትና አትጣዪው አላት።

ከዚያ በኋላ ቤቷ ስሄድ ፎቶው ሳሎኗ ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት፣ ከነዝንቡ ነጥብ። ቁጭ እንዳልኩ አውራ ጣቷን አገጩ ላይ አድርጋ «ከዚህ በላይ አባቴ፣ ከዚህ በታች እርስዎ» ብላ ቀለደችብኝ። ከዚያ ጣቷን አነሳችና፣

«አጎቴ፣ አንዴ ስሜን ይጥሩኝ እስቲ» አለች።

«ምን ሆነሻል? አጠገቤ ነሽ እኮ።»

«ይጥሩኝ ብቻ። አባቴ የጠራኝ ይመስለኝ እንደሆነ።»

ፎቶውን እያየች ነው። ጠራኋት። «አቤት» አለች፤ ዓይኗን ከፎቶው ሳትነቅል።

እትዬም ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው ኖሮ፣ ከጓዳ ሆነው ድምፄን ሰሙ መሰለኝ።

«ማነው የመጣው?» አሉ።

እኔም ፎቶውን አየሁና፣ አገጬን በእጄ ይዤ «እኔ ነኝ» አልኩ።